አንድ ኪው አር ኮድ ለሁሉም ባንክና ዋሌት፦ ለሰፈር ሱቅ ዝርዝር መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያሉ ሱቆች መስታወት በወረቀት እየተሸፈነ ነው። አንዱ የቴሌብር፣ አንዱ የንግድ ባንክ፣ አንዱ የኤም-ፔሳ፣ አንዱ ደግሞ ባለሱቋ ቁጠባ የጀመሩበት የግል ባንክ ኮድ ነው። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ «እትዬ፣ የኔ የትኛው ነው?» ይላል። ማታ ደግሞ የዕለቱ ሽያጭ አራት ቦታ ተበታትኖ ያድራል። ጠዋት መርካቶ ወርደው ዕቃ ለማምጣት ሲነሱ ገንዘቡን አንድ ላይ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ወደ አንድ ወረቀት ማውረድ ይቻላል። የጋራ ኪው አር ኮድ የሚባለው እሱ ነው። ደንበኛው በየትኛውም ባንክ ወይም ዋሌት ቢከፍል፣ ባንኩ ከጋራው አሠራር ጋር እስከተገናኘ ድረስ፣ ገንዘቡ እርስዎ ወደመረጡት አንድ ሂሳብ ይገባል። ከዚህ በታች ኮዱ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ እውነት የጋራ መሆኑ በምን እንደሚታወቅና ባንኮኒው ላይ ምን መጠንቀቅ እንዳለብዎ እንሄድበታለን። ምሳሌዬ የባልትና ሱቅ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ የሚሸጥበት።

ኮዱ ውስጥ ምን አለ?

ኪው አር ኮዱ ውስጥ ገንዘብ የለም። የይለፍ ቃልም የለም። ያለው ጽሑፍ ነው፤ ያውም አጭር። ካሜራው ጥቁርና ነጩን ያነብና ወደ ጽሑፍ ይመልሰዋል፣ ከዚያ የባንኩ መተግበሪያ ጽሑፉን አይቶ ለማን እንደሚከፈል ያውቃል።

ልዩነቱ የሚመጣው ጽሑፉ በምን መልክ ተጻፈ በሚለው ነው። አንድ ዋሌት ጽሑፉን በራሱ መልክ ከጻፈው የሚረዳው የራሱ መተግበሪያ ብቻ ነው። ሌላው ስካን ቢያደርገው «የማይታወቅ ኮድ» ብሎ ይመልሳል። ሁሉም በተስማሙበት አንድ መልክ ከተጻፈ ግን ሁሉም ያነበዋል። ይህን መልክ ያወጣው ትልልቆቹ የካርድ ኩባንያዎች በጋራ የያዙት ኢኤምቪኮ የሚባል ድርጅት ነው። ጋና በ2020፣ ኬንያ በ2023 ያወጧቸው የጋራ ኮዶች በዚሁ ላይ የቆሙ ናቸው። የእኛም አገር የጋራ ኮድ መሠረቱ እሱ ነው።

ማንበብ ብቻውን ግን አይበቃም። ገንዘቡ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ መሻገር አለበት። እዚህ ጋ ሁለት መንገድ አለ። እንደ ሲንጋፖር ባሉ አገሮች አንዱ ኮድ ውስጥ የነጋዴው ብዙ ሂሳቦች አብረው ይጻፋሉ፣ እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን ፈልጎ ይወስዳል። ኮዱ አንድ ቢሆንም ገንዘቡ እንደተበታተነ ነው። በሁለተኛው መንገድ ኮዱ ውስጥ ያለው አንድ ሂሳብ ብቻ ነው፤ ከሌላ ባንክ የሚመጣውን ክፍያ መሃል ላይ ያለ ተቋም ያሻግረዋል። በእኛ አገር ይህን የማሻገር ሥራ የሚሠራው ኢትስዊች ነው። የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም ስንጠቀም መሃል ሆኖ የሚያገናኘውም እሱ ነው።

ለሱቅ የሚበጀው ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ማታ ሂሳብ የሚታየው አንድ ቦታ ነዋ።

ኮድዎ የጋራ መሆኑን በራስዎ ያረጋግጡ

ብዙ ባለሱቅ «የኔ ለሁሉም ይሠራል ብለውኛል» ይላል። በቃል ከማመን ማየት ይሻላል። ለዚህ የባንክ መተግበሪያ አያስፈልግም። የስልክዎን ካሜራ ወይም ማንኛውንም ተራ ኪው አር አንባቢ ከፍተው ኮዱን ያንብቡት። የጋራ ኮድ ከሆነ እንዲህ ያለ ረጅም ጽሑፍ ይወጣል፦

```
00020101021126290011com.example
0110440001234552045499530323058
02ET5911TULU BALTNA6011ADDIS AB
ABA62060702016304
```

ይህ ለማስተማሪያ ያዘጋጀሁት ነው። እውነተኛው በአንድ መስመር የሚሄድ ሲሆን መጨረሻው ላይ አራት ቁምፊዎች ይጨመራሉ። ማንም እንዳይሞክረው አውቄ ትቻቸዋለሁ። መልኩ ያስፈራል እንጂ አነባበቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሁለት አኃዝ ይመጣል፤ የመረጃው ዓይነት ነው። ቀጥሎ ሁለት አኃዝ፤ የመረጃው ርዝመት ነው። ከዚያ መረጃው ራሱ። ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል።

ከፊቱ ያለውን `000201` እንውሰድ። `00` ዓይነቱ ነው፣ `02` ማለት መረጃው ሁለት ቁምፊ ነው፣ `01` መረጃው ነው፤ የአጻጻፉ ሥሪት አንድ መሆኑን ይናገራል። ኮድዎ በ`000201` ካልጀመረ የጋራው መልክ አይደለም፤ እዚሁ ላይ ያቁሙ። በድረ ገጽ አድራሻ ወይም ለመረዳት በሚያስቸግር ዝብርቅርቅ ፊደል የሚጀምር ከሆነ የአንድ ዋሌት የግል ኮድ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ቀጥሎ ያለው `010211` ኮዱ ቋሚ መሆኑን ይናገራል። መጨረሻው `12` ቢሆን ኖሮ ለአንድ ሽያጭ ብቻ የተሠራ ኮድ ይሆን ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በ`26` የሚጀምረው ቁራጭ ዋናው ነው። ገንዘቡ የሚገባበት አድራሻ እዚህ አለ። ኮድዎ ላይ ቁጥሩ 26 ላይሆን ይችላል፤ አገሮች ለራሳቸው አሠራር እንዲጠቀሙበት ከ26 እስከ 51 ያለው ክፍት ተደርጓል። ውስጡ በመጀመሪያ የአሠራሩ መለያ፣ ቀጥሎ የነጋዴው ቁጥር ይገኛል። የደንበኛው መተግበሪያ መለያውን ሲያውቀው ብቻ ነው የሚቀጥለው።

ሌላው በዓይን የሚለይ ነው። `5303230` ላይ ያለው 230 የብር ዓለም አቀፍ ቁጥር ነው። `5802ET` ኢትዮጵያ ማለት ነው። `52045499` የንግድ ዘርፉን ይናገራል፤ 5499 ልዩ ልዩ ምግብ ነክ ሸቀጥ የሚሸጡ ሱቆች ቁጥር ነው። `5911TULU BALTNA` ደግሞ ደንበኛው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ስም ነው፣ አሥራ አንድ ቁምፊ፣ ክፍት ቦታውን ጨምሮ።

መጨረሻ ላይ `6304` ብሎ አራት ቁምፊ ይመጣል። እነዚህ ከፊታቸው ካለው ጽሑፍ ሁሉ በስሌት የሚወጡ ናቸው። ከመሃል አንድ ፊደል ቢለወጥ ስሌቱ አይገጥምምና መተግበሪያው ኮዱን አይቀበልም። ይህ የሚከላከለው ስህተትን እንጂ ሌባን አይደለም። ስሌቱ ለማንም ክፍት ስለሆነ የራሱን ኮድ መሥራት የሚፈልግ ሰው አራቱን ቁምፊ በትክክል ያወጣቸዋል።

ኮዱን ማውጣት

መጀመሪያ ገንዘብዎ የሚገባበትን ባንክ ወይም ዋሌት ይምረጡ። የዘመድ ምክር ወይም ማስታወቂያ አይምረጥልዎ። ሁለት ነገር ብቻ ይመልከቱ፦ ዕቃ የሚያመጡልዎ ሰዎች ሂሳብ የት ነው? ቅርንጫፉስ ለሱቅዎ ምን ያህል ይቀርባል? ከሱቁ ተነስተው ሁለት ታክሲ ይዘው የሚደርሱበት ቅርንጫፍ፣ አንድ ክፍያ የተንጠለጠለ ቀን ያስለቅስዎታል።

ይዘው የሚሄዱት የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የፋይዳ መታወቂያና በስምዎ የተመዘገበ ስልክ ቁጥር ነው። ቅርንጫፉ ሌላ ነገር ሊጠይቅ ስለሚችል ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ምልልስ ያድናል። ሲደርሱ «ኪው አር እፈልጋለሁ» ብቻ አይበሉ። እንዲህ ይበሉ፦ «የነጋዴ ኪው አር እፈልጋለሁ፤ በኢትስዊች በኩል ከሌላ ባንክ የሚከፈልበት።» ብቻውን ኪው አር ካሉ የግል ሂሳብዎን የገንዘብ መቀበያ ኮድ አውጥተው ሊሸኙዎት ይችላሉ። እሱ ወዳጅ ለወዳጅ ገንዘብ የሚላላክበት ነው። የሱቅ ገቢና የቤት ገንዘብም ይቀላቀልብዎታል።

ፎርሙ ላይ ሦስት ቦታ ቆም ይበሉ።

አንደኛው ስሙ ነው። ደንበኛው ስካን ሲያደርግ ስልኩ ላይ የሚመጣለት እዚህ የሚጻፈው ነው። ንግድ ፈቃዱ በሙሉ ስምዎ ወጥቶ ሱቁ በሌላ ስም የሚታወቅ ከሆነ ደንበኛው የማያውቀው ሰው ስም ይመጣበታል። «ይሄ ማነው?» ብሎ ያቆማል፤ እውነቱንም ነው። የንግድ ስሙ እንዲገባ ይጠይቁ፣ ቦታው ለ25 ቁምፊ ብቻ ስለሆነ አሳጥረው ይስጡ። ከላይ ባለው ምሳሌ `TULU BALTNA` የተባለው መስታወቱ ላይ «ቱሉ ባልትና» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ደንበኛው አያመነታም።

ሁለተኛው የሚቆረጠው ክፍያ ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ምን ያህል እንደሚቆረጥ፣ ከራሱ ከባንኩ ደንበኛ ሲከፈልና ከሌላ ባንክ ሲከፈል ልዩነት እንዳለው፣ የሚቆረጠውም ከእርስዎ ነው ወይስ ከከፋዩ የሚለውን በጽሑፍ ይያዙ። ሽሮ ላይ ያለው ትርፍ ቀጭን ነው። ትንሽ ፐርሰንት የምትመስለው ነገር በዓመት ስትደመር ትልቅ ብር ትሆናለች።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መልእክቱ የሚደርሰው ለማን ነው? ክፍያ ሲገባ የሚመጣው አጭር መልእክት ወደ ተመዘገበው ስልክ ይሄዳል። ባለሱቋ መርካቶ በርበሬ እየመረጡ ነው፣ ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ናት። መልእክቱ መርካቶ ይደርሳል፣ ደንበኛው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። ልጅቷ ወይ ትደውላለች ወይ የደንበኛውን ስክሪን ታምናለች። ማጭበርበር የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ፎርሙ ላይ ሳይፈርሙ ይጠይቁ፦ ሁለተኛ ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል ወይ? የነጋዴ መተግበሪያ ካለ ለሠራተኛ የሚሰጥ፣ ገቢ ማየት ብቻ የሚፈቅድ መግቢያ አለው ወይ? «የለም» ካሉዎትና ሱቁን ብዙ ጊዜ በሠራተኛ የሚያሠሩ ከሆነ ሌላ ባንክ ይሞክሩ። ምስጢር ቁጥርዎን ለሠራተኛ መስጠት መፍትሔ አይደለም፤ ቁጥሩ ገቢውን ማሳየት ብቻ ሳይሆን ወጪም ያደርጋል።

ሳይለጥፉ ይሞክሩ

ኮዱ በስልክ ሲላክልዎ ወይም ታትሞ ሲሰጥዎ ከላይ እንዳየነው በተራ ካሜራ ያንብቡት። ስሙን ይዩ፣ 230ን ይዩ፣ ETን ይዩ። ከዚያ ጎረቤት ይሰብስቡ። ቴሌብር ያለው፣ የንግድ ባንክ ያለው፣ የአዋሽ፣ የዳሽን፣ የአቢሲኒያ፣ ኤም-ፔሳ ያለው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚገኘውን ያህል። እያንዳንዱ 5 ብር ይክፈል። ብሩን በእጅዎ ይመልሱላቸው።

ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ስካን አደረገ? ትክክለኛ ስም አሳየ? ገንዘቡ ሂሳብዎ ውስጥ ገባ? አንዳንዱ መተግበሪያ ኮዱን ጭራሽ አያነብም፤ ባንኩ ገና ስላልተገናኘ ወይም የደንበኛው መተግበሪያ ስላልታደሰ ነው። መጀመሪያ ያሳድሱት፣ ድጋሚ ይሞክሩ። አሁንም ካላነበበ ያ ባንክ ለጊዜው አይሠራም ማለት ነውና የድሮ ኮዱን አያንሱት። መስታወቱ ላይ አንድ ትልቅ የጋራ ኮድና አንድ ትንሽ የግል ኮድ ቢቀር ጉዳት የለውም። ቆይተው እንደገና ይሞክሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ መተግበሪያ የራሱን ኮድ የሚያነብበትና የጋራውን የሚያነብበት ቦታ የተለያየ ነው። ደንበኛው «አልሠራም» ሲል መጀመሪያ በየትኛው ማውጫ ገብቶ ስካን እንዳደረገ ይጠይቁት።

ሲያሳትሙ ኮዱ ከጎን እስከ ጎን ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የጋራው ኮድ ጽሑፉ ረጅም ስለሆነ ነጥቦቹ ደቃቅ ናቸው፤ በንግድ ካርድ መጠን ካተሙት የቆየ ስልክ ካሜራ አይለየውም። ዙሪያውን ያለውን ነጭ ክፈፍ አይቁረጡት፣ ካሜራው ኮዱ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው በሱ ነው። የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ፀሐይ ሲያርፍበት ስለሚያንጸባርቅ ከመንገድ ፊት ለፊት አይስቀሉት። ባንኮኒው ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ እጅዎ በሚደርስበት ይሁን። ይህ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ ሌሊት መጥቶ በእርስዎ ኮድ ላይ የራሱን የሚለጥፍ ሰው አለ። ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ በራስዎ ስልክ አንዴ ስካን አድርገው ስሙን ማየት በቂ ነው። መክፈል አያስፈልግም።

አንድ ሽያጭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ደንበኛው ግማሽ ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሽሮ ወሰደ እንበል፤ ድምሩ 640 ብር። የእሱ ሂሳብ አንድ ባንክ ነው፣ የባለሱቋ ሌላ።

ስልኩን አውጥቶ ኮዱን አነበበ። መተግበሪያው ጽሑፉን ቆራርጦ አሠራሩን ለየ፣ ስሙን አወጣ፤ ስክሪኑ ላይ `TULU BALTNA` መጣ። ኮዱ ቋሚ ስለሆነ መጠኑን ራሱ ይጽፋል፤ 640። ምስጢር ቁጥሩን አስገባ። ባንኩ መጀመሪያ ከእሱ ሂሳብ ላይ 640 ይቀንሳል፣ ከዚያ ለኢትስዊች «ለዚህ ነጋዴ ይህን ያህል» ይላል። ኢትስዊች ነጋዴው የየትኛው ባንክ እንደሆነ አይቶ ጥያቄውን ያስተላልፋል። የባለሱቋ ባንክ ሂሳቡ መኖሩን አይቶ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለሁለቱም መልእክት ይመጣል። መስመሩ ደህና ከሆነ ይህ ሁሉ በሴኮንዶች ያልቃል። ሁለቱ ባንኮች እርስ በርስ የሚተሳሰቡት ቆይተው፣ የብዙ ክፍያ ድምር ይዘው ነው፤ እሱ ባለሱቋን አይመለከትም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ መጠኑ ነው። ደንበኛው 64 ብሎ ዜሮዋን ይረሳል። ባለሱቋ መልእክቱን ሲያዩ «ገባ» የሚለውን ብቻ አይተው ያሳልፉታል። ከ«ገባ» በፊት ቁጥሩን ያንብቡ። ይህን ጣጣ ጭራሽ የሚያስቀረው ለአንድ ሽያጭ የሚሠራው ኮድ ነው። የነጋዴ መተግበሪያዎ ይህን የሚያወጣ ከሆነ 640 ብለው ይጽፋሉ፣ ስልክዎ ላይ አዲስ ኮድ ይመጣል፣ ደንበኛው ያንን ያነባል። ጽሑፉ ውስጥ `010212` እና `5406640.00` ይገባል። ደንበኛው መጠኑን መንካት አይጠበቅበትም። ብቻዎን ሆነው በትንንሽ ሽያጭ ለሚሠሩ ቋሚው ይበቃል። ሠራተኛ ካለዎት ወይም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚከፍልበት ሱቅ ከሆነ ግን የየሽያጩን ኮድ እመርጣለሁ። ማን ምን እንደከፈለ አይምታታም።

ሁለተኛው የደንበኛው ስክሪን ነው። «ከፍያለሁ፣ ይኸው» ብሎ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። ያ ስክሪን የድሮ ፎቶ ሊሆን ይችላል። የተቀነባበረም ሊሆን ይችላል። የሐሰት አጭር መልእክት የሚልኩም አሉ፤ ጽሑፉ ከባንኩ ጋር አንድ ነው፣ የተላከበትን ስም ሲያዩ ግን ብዙ ጊዜ ተራ ስልክ ቁጥር ይሆናል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ዕቃው የሚሰጠው በእርስዎ በኩል ሲታይ ነው። የነጋዴ መተግበሪያዎን ከፍተው የመጨረሻውን ገቢ ይዩ፤ መጠኑና ሰዓቱ ከገጠመ አለቀ። ደንበኛው እንዳይቀየም ደግሞ ለሁሉም እኩል ያድርጉት። «የኔ ልጅ፣ እኔ ጋ እስኪታይ ትንሽ ጠብቅ» ማለት የሚያስከፋው አንዱን ብቻ ሲሉት ነው።

ገንዘቡ መንገድ ላይ ሲቀር

ይህ በሌላ ባንክ ክፍያ ላይ የሚያጋጥም ነው። ከደንበኛው ተቀንሷል፣ እርስዎ ጋ አልገባም። ከላይ ያየነው ሰንሰለት ረጅም ነው። የደንበኛው ባንክ ጠይቆ መልሱ ሳይመለስ ጊዜው ካለፈ፣ ገንዘቡ ገባ ወይስ አልገባ ለጊዜው አይታወቅም።

ደንበኛውን ወዲያው «ድጋሚ ክፈል» አይበሉት። የመጀመሪያው ዘግይቶ ከገባ ሁለት ጊዜ ከፍሏል ማለት ነው። በመጀመሪያ መተግበሪያው ውስጥ የዝውውር ዝርዝሩን ከፍቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፤ ፎቶ ሳይሆን ራሱን ዝርዝሩን። እዚያ ላይ ሁኔታው «ተሳክቷል»፣ «አልተሳካም» ወይም «በሂደት ላይ» ይላል። የማጣቀሻ ቁጥርም ይኖራል።

«አልተሳካም» ካለና ሂሳቡ ካልቀነሰ ድጋሚ ይሞክር። «አልተሳካም» ብሎ ከቀነሰ ገንዘቡ ወደ እሱ መመለስ አለበት፤ በእርስዎ በኩል ምንም የለም፣ በጥሬ ብር ይክፈል። «በሂደት ላይ» ካለ ይጠብቁ። «ተሳክቷል» ብሎ እርስዎ ጋ ከሌለ ማጣቀሻ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑንና የባንኩን ስም ደብተር ላይ ይጻፉ። አቤቱታውን የሚጀምረው ደንበኛው ነው፤ ለራሱ ባንክ ያመለክታል፣ ባንኩ በኢትስዊች በኩል የእርስዎን ባንክ ይጠይቃል። እርስዎም ለራስዎ ባንክ ያንኑ ቁጥር ይስጡ። ሁለቱም በኩል አንድ ቁጥር ሲይዙ ነገሩ ቶሎ ይገኛል፤ «ሐሙስ ዕለት 640 ብር ጠፋብኝ» በሚል ብቻ ግን ማንም አያገኘውም።

ዕቃውስ? የሰፈር ደንበኛ ከሆነ ዱቤ ደብተር ላይ ጽፎ መስጠት የኖርንበት ነው። የማያውቁት ከሆነ ዕቃውን አስቀምጠው ስሙን ይያዙ። ነውር የለውም።

የኔትወርክ ነገር

እንደኛ ባለ ዳር ሰፈር ሕንፃ ሥር ባሉ ሱቆች ዳታ ይደክማል። ስካን ማድረግ የደንበኛውን ዳታ ይፈልጋል፤ የእርስዎ ስልክ ግን ዳታ ባይኖረውም አጭር መልእክት ይደርሰዋል። ደንበኛው ውጭ ወጥቶ መክፈል እንዲችል አንድ ትርፍ ኮፒ ይያዙ፣ ማታ ግን ያስገቡት። ጥሩ ዳታ ካለዎት ለዚያች ደቂቃ ሆትስፖት መክፈት ደንበኛ ያቆያል፤ የይለፍ ቃሉን ብቻ በየጊዜው ይቀይሩ።

ስማርት ስልክ የሌለው ደንበኛ ኮዱን የሚያነብበት የባንክ መተግበሪያ ስለሌለው ኮዱ አይጠቅመውም። ኮዱ ሥር የተጻፈ አጭር የነጋዴ ቁጥር ካለ በየትኛው አገልግሎት እንደሚሠራ ባንኩን ይጠይቁ፤ ለሁሉም ይሠራል ብለው አይገምቱ።

ማታ ሲዘጉ

አንድ ሂሳብ ስለሆነ ሥራው አጭር ነው። መተግበሪያው ላይ የዕለቱን ገቢ ከፍተው ድምሩን ከደብተርዎ ጋር ያስተያዩ። ልዩነት ካለ መጀመሪያ የተቆረጠውን ክፍያ ይቀንሱ፣ ቀጥሎ የተንጠለጠሉትን ይዩ። አንዳንድ ባንክ ለነጋዴ የገባውን ወዲያው አይለቅም፣ በቀኑ መጨረሻ አጠቃሎ ያስገባል። ውልዎ እንዲህ ከሆነ መልእክቱ ቀን፣ ብሩ ማታ ይመጣልና ጠዋት መርካቶ ከመውረድዎ በፊት ቀሪ ሂሳቡን አይተው ይውጡ። ከምሳ በኋላ የሸጡትን ብር በዚያው ከሰዓት ለበርበሬ ነጋዴው እልካለሁ ብለው ቃል አይግቡ።

ክፍያው በኪው አር ስለገባ ደረሰኝ አይቀርም። ደረሰኝ የመቁረጥ ግዴታ ያለበት ሱቅ በጥሬ ብር እንደሸጠው ሁሉ ይቆርጣል።

ባንክ ሲቀይሩ ወይም ሂሳቡን ሲዘጉ አዲስ ኮድ ያስፈልግዎታል፤ ቋሚው ኮድ የታሰረው ከተጻፈበት የነጋዴ ቁጥር ጋር ነው። የድሮው ወረቀት እስካለ ድረስ ሰው ያነበዋል፤ ወይ ክፍያው ይመለሳል ወይ እርስዎ ወደማያዩት ሂሳብ ይገባል። ከባንኮኒው፣ ከመስታወቱ፣ ከትርፉ ኮፒ ላይ ያንሱት። ዕቃ ቤት ድረስ ለሚያደርሱላቸው ደንበኞች በቴሌግራም የላኩትን ፎቶ ያጥፉና አዲሱን በዚያው ቀን ይላኩላቸው፤ ከእነሱም የሚመጣው የመጀመሪያው ክፍያ ለሙከራ 5 ብር ይሁን።